ካርቦን የሚገኝለት ድሪል



ለቡ መብራት ኃይል ላለው የእንጨት ሥራ ክፍላችን በ14 ወር ውስጥ ሦስት ርካሽ ድሪሎች ተገዝተዋል። ሦስቱም የተቃጠሉት ለኪችን ካቢኔት ማጠፊያ 35 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲበሱ ነው። ሰፊ ፑንታ ሞተሩን ያስጨንቃል፤ ለቤት የተሠራ ድሪል ይህን ቀኑን ሙሉ አይችለውም። ድሪሉ በተቃጠለ ቁጥር ደግሞ የደንበኛ ቀጠሮ ያልፋል።

አራተኛውን የሦስቱን ድምር ያህል ከፍለን ሰማያዊ ቦሽ ገዛን። ቦሽ አረንጓዴውን ለቤት፣ ሰማያዊውን ለባለሙያ ነው የሚሠራው። ማኪታም ለእንዲህ ያለ ሥራ ይሆናል። ግን ቀለም ይገለበጣል፤ መርካቶ ውስጥ የተመሳሰለ ዕቃ አይጠፋም። ስለዚህ በካርቶኑና በማሽኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን እናያለን፤ ደረሰኝ ከማይቆርጥ ሻጭም አንገዛም። (የሒሳብ ሠራተኛ አመል ነው አትበሉን፤ ያለ ደረሰኝ ዋስትናም የለም።)

ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው ግን «ካርቦኑ ለብቻው ይገኛል?» ብለን ነው። ካርቦን ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ትንሽ ቁራጭ ሲሆን እየተፋቀ ያልቃል። በማሽኑ መተንፈሻ የሚታየው ብልጭታ ሲበዛና ድሪሉ እየቆመ ሲነሳ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ሁለቱንም በአንድ ላይ መቀየር ነው። ለርካሾቹ ካርቦን ፈልገን አላገኘንም። የሰማያዊው አንዴ ተቀይሯል፤ ድሪሉ እየሠራ ነው።

ቁልፍ ሲገዛ ደግሞ ብሎን ይዘን እንሄዳለን። የ13 ቁልፍ በ13 ብሎን ላይ ከተወዛወዘ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ የብሎኑን ጠርዝ ይበላል።