የቃና መዛመትና አያያዥ መስመር፦ ከቸሃኛ የተነሣ ማብራሪያ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከወልቂጤ ወደ እንድብር የሚሄድ መንገደኛ ቸሃኛ ሲነገር ቢያዳምጥ «ደነግ» እና «ደነጕ» የሚሉ ሁለት ግንዶችን ይለያል። የመጀመሪያው «መታ»፣ ሁለተኛው «መታው» በሚለው ግሥ ውስጥ ይገኛል። ሌሎቹ ቅጥያዎች ለጊዜው ቢተዉ፣ በግንዱ ላይ ተደራጊውን «እርሱን» የሚያመለክተው የከንፈር መሞጥሞጥ ብቻ ነው። ይህ ምልክት የራሱ ፊደል የለውም፤ የሚቀመጥበትን ተነባቢ ይፈልጋል።

ጆን ጎልድስሚዝ በ1976 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ለቃና ያሰበው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነበር። ቃና፣ ማለትም የቃልን ትርጉም የሚለይ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ በአንድ ረድፍ ይጻፋል፤ ተነባቢና አናባቢ በሌላ ረድፍ ይጻፋሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው አያያዥ መስመር ነው። ጆን ማካርቲም በ1983 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሠራር ለቸሃኛ ግሥ ተጠቀመበት።

የቸሃኛው ሕግ አጭር ነው። ምልክቱ ከቃሉ መጨረሻ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፤ መጀመሪያ ባገኘው የከንፈር ወይም የላንቃ ኋላ ተነባቢ ላይ ይታሰራል። «ነከስ» ውስጥ የመጨረሻው ተነባቢ ለዚህ አይመችምና «ነኰስ» ይሆናል። «ቀጠር» (ገደለ) ውስጥ ሁለቱ ኋለኞች አይመቹምና «ቈጠር» ይሆናል። «ሰደድ» (አባረረ) ውስጥ ግን አንድም የሚመች የለም፤ ምልክቱ ሳይታሰር ይቀራል፣ አይሰማምም። እንግዲህ መስመሩ ጌጥ አይደለም፤ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይናገራል፣ ተናጋሪውም ሊያስተባብለው ይችላል።

ቸሃኛ ግን የቃና ቋንቋ አይደለም፤ ቃና የሚፈለገው በሌላ ስፍራ ነው። በኢትዮጵያ ቤንችኛ አምስት የቃና ደረጃዎች አሉት። ለመዛመት የሚጠቀሰው የታወቀ ምሳሌ ግን የሴራሊዮኑ ሜንዴ ሲሆን፣ ዊልያም ሌበን በ1973 እ.ኤ.አ. መርምሮታል። በሜንዴ «ፌላማ» (መገናኛ) የሚለው ቃል «ከፍተኛ–ዝቅተኛ» የሚል ዜማ አለው። ቃናዎቹ ሁለት፣ አናባቢዎቹ ሦስት ናቸው። ማሰሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል፦ አንደኛው ቃና ለአንደኛው አናባቢ፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው ይደርሳል። ሦስተኛው አናባቢ ባዶውን ይቀራልና የመጨረሻው ቃና ወደ እርሱ ይዛመታል። (ከ = ከፍተኛ፣ ዝ = ዝቅተኛ)

```
ከ     ዝ
|     |  \
ፌ     ላ    ማ
```

«ሃዋማ» (ወገብ) በሦስቱም ላይ ከፍተኛ ሆኖ ይሰማል፤ ነገር ግን ሦስት ቃና የለውም፤ አንድ ቃና ሦስት መስመር ዘርግቷል። ሦስት ቃና የሚጽፍ ተማሪ የሰማውን ቢመዘግብም፣ ስለምን ሦስቱ እንደ ተመሳሰሉ አያስረዳም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቸሃኛው ምልክት አንድ ቦታ ብቻ ይታሰራል፤ ተነባቢ ያለ መሞጥሞጥ ሙሉ ነውና። አናባቢ ግን በጎልድስሚዝ አሠራር ያለ ቃና ሊቀር አይችልም፤ ስለዚህ ባዶ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ከጎረቤቱ ይቀበላል። መዛመትን የሚያመጣው ይህ ባዶነት ነው።

አባላት የሚሠሩት መልመጃ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በሜንዴ «ንዳቩላ» (ወንጭፍ) «ዝቅተኛ–ከፍተኛ» ዜማ ቢኖረው በሦስቱ ክፍለ ቃላት ላይ ምን ይሰማል? ሁለተኛ፣ «ምቡ» (ጉጉት) አንድ ክፍለ ቃል ሆኖ «ከፍተኛ–ዝቅተኛ» ዜማ ቢኖረውስ? ሦስተኛ፣ በቸሃኛ «በከር» (አጣ) ላይ ምልክቱ የት ያርፋል?

የመጀመሪያው መልስ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ፣ ከፍተኛ ነው። ማሰሩን ከመጨረሻው የጀመረ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ ያገኛል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው በመሐል «ቩ» ላይ ነው። በሁለተኛው ሁለቱም ቃናዎች በአንዱ አናባቢ ይታሰራሉ፣ ድምፁም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በሦስተኛው ሁለት አመቺ ተነባቢዎች አሉ፦ በ እና ከ። ከመጨረሻው የሚቀርበው ሁለተኛው ነውና «በኰር» ይሆናል። በሁሉም ዘንድ አንድ መፈተኛ አለ፦ መስመሮች ሊቋረጡ አይገባም፤ ከተቋረጡ የአንዱ ረድፍ ቅደም ተከተል በሌላው ፈርሷል።

ሆኖም ሕጉ ወሰን አለው። በሜንዴ ራሱ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ የሆኑ ቃላት ስለ ተገኙ፣ ማሰር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል የሚለው ቃል ለክርክር ተዳርጓል። በቡታጅራ ዙሪያ የሚነገረው መስቃንኛም ከተናጋሪዎቹ አፍ ተጠንቶ እንጂ ከቸሃኛ ተቀድቶ ሊደመደምበት አይገባም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የሚያስተምር ባልደረባ መስመሩን ከማስመሩ በፊት መልሱን ይጻፍ፤ ከዚያ ተናጋሪውን ያድምጥ።