ዲስኩ ሲያስጠነቅቅ

አቅራቢው፦ ከጉንደ ወይን አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ጠይቀውናል። ኮምፒውተራቸው ሲነሳ “S.M.A.R.T. Status Bad, Backup and Replace” ይላል፤ F1 ሲጫኑ ግን ይሠራል። እስከ ገበያ ቀን ይቆይላቸዋል?

አቅራቢዋ፦ አይጠብቁት፤ ዛሬውኑ ይገልብጡ! ብዙውን ጊዜ ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎቹን በመጠባበቂያ ቦታ ሲተካ ኖሮ፣ ጉዳቱ ከወሰን ሲያልፍ ነው እንዲህ የሚለው። አንዳንዱ ወራት ይቆያል፣ አንዳንዱ ነገ አይነሳም።

አቅራቢው፦ ከየት ይጀምሩ?

አቅራቢዋ፦ ሌላ ቅጂ ከሌለው የሠርግ ፎቶ። ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ D የሚባለው ክፍል እዚያው የታመመው ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። እምቢ ያለውን ፋይል ይለፉት። ሳይጨርሱ ኮምፒውተሩን አያጥፉ።

አቅራቢው፦ ፎርማት ቢደረግስ?

አቅራቢዋ፦ ፎርማት የተጎዳ ዲስክ አይጠግንም። ቅጂው መከፈቱን ካዩ በኋላ ዲስኩን ይቀይሩት።