«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»፦ ስለ ማጣቀሻ ፎቶግራፍ አመራረጥ



ለታላቅ እኅቴ ሙት ዓመት የፊቷን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማሠራት ሦስት ፎቶግራፎች መረጥሁ። አንዱ ራሷ በክንዷ ርቀት ያነሣችው ሰልፊ፣ ሁለተኛው ፍላሽ የበራበት የሠርግ ፎቶ፣ ሦስተኛው ከት ብላ ስትስቅ የተነሣችው ነበር። የወጣውን ምስል እናቴ አዩና «ይህቺ ደግሞ ማን ናት፣ ልጄ?» አሉኝ።

ስሕተቱ ከምርጫዬ የመጣ ነበር። በጣም ቀርቦ የተነሣ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፤ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል። ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ የጉንጭንና የዐይን ሥርን ጥላ አጥፍቶ ፊትን ዝርግ ያደርጋል። ሰፊ ሣቅ ደግሞ ዐይንን ያጠብባል። መሣሪያው በግልጽ ያላየውን ቅርጽ ከሌሎች ብዙ ፊቶች በተማረው ይሞላዋል።

ስለዚህ እንደገና መረጥሁ። ሁለቱ ፎቶዎች ከ2 ሜትር ያህል ርቀት፣ ካሜራው በዐይኗ ትይዩ ሆኖ፣ በመስኮት ብርሃን የተነሡ ናቸው፤ በአንዱ ፊት ለፊት ትመለከታለች፣ በሌላው ፊቷ በከፊል ወደ ግራ ዞሯል። በሁለቱም አፏ ገጠም ብሏል። ሦስተኛ፣ ፍንጭት ጥርሷ የሚታይበትን ለስላሳ ፈገግታ ጨመርሁ፤ ያለዚያ መሣሪያው ጥርሷን ገጥሞ ያወጣው ነበርና። ሌላውን ጎኗን የሚያሳይ ፎቶ ስላልነበረኝ በዚያ በኩል የሚታይ ምስል አላዘዝሁም።

አዲሱን ምስል ምንም ሳልናገር ለቀድሞ ጎረቤቷ አሳየኋቸው። ወዲያው ስሟን ጠሩ። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።