የአንጎል ቱቦ የሚዘጋበት ቀን
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሲጀመሩ አንድ ጠፍጣፋ የሕዋሳት ንጣፍ ናቸው። በ3ኛው ሳምንት መካከሉ ይጎደጉዳል፤ ዳርና ዳሩም ተነሥቶ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። የራስጌው ጫፍ ከፅንስ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የግርጌው በ28ኛው ይዘጋል። ራስጌው ክፍት ከቀረ ሕፃኑ አይኖርም፤ ግርጌው ከቀረ ግን ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ብዙ ጊዜም እግሩ ይሰንፋል።

በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ ያጋጠማቸው እናቶች ሳያረግዙ ጀምረው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ አደጋው በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አስቸጋሪው ነገር ጊዜው ነው። በሦስተኛው ወር ጤና ጣቢያ የምትቀበለው ክኒን ለደሟ ይጠቅማል እንጂ ክፍት የቀረውን ቱቦ አይዘጋም። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድማ ትጀምር፤ ቀድሞ የደረሰባት ግን መጠኑን ከፍ ስለሚያደርግላት ሐኪም ታማክር።