አንድ ፓምፕ፣ ሦስት ማስታወቂያ

አዳማ ያለ ሱቅ ለመቂና ለባቱ ሽንኩርት አምራቾች የሶላር ውሃ ፓምፕ አመጣ እንበል። አንዱን ረጅም ማስታወቂያ ለየመድረኩ ቢቆራርጠው የሚተርፈው ጎደሎ ወሬ ነው፤ መነሻው የአንባቢው ጥያቄ መሆን አለበት። ኢንስታግራም ከ125 ፊደል ገደማ በኋላ ጽሑፉን ስለሚያጥፍ፣ «ያለ ናፍጣ ውሃ የሚስብ ፓምፕ አዳማ ገብቷል» ብሎ ቀሪውን ለቪዲዮው መተው ይበቃል። ሊንክድኢን ላይ ግን የድርጅት ግዥ ሠራተኛ ሊያነበው ስለሚችል፣ የጉድጓድ ጥልቀት፣ የውሃ መጠንና ዋስትና በሁለት አንቀጽ ይብራራለት። የቴሌግራም ገዢ ዋጋ፣ አድራሻና ስልክ ይፈልጋል፤ ከፎቶ ሥር የሚፈቀደው 1,024 ፊደል ለዚህ ይተርፋል።

«ሦስት ቦታ ከተጻፈ ዋጋው ይምታታል» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ቴሌግራም ላይ ዋናው መልእክት ቢታረም እንኳ ለሌላ የተላለፈው ቅጂ በአሮጌው ዋጋ ይዞራል። ስለዚህ ዋጋው እዚያ ብቻ፣ የሚጸናበት ቀን አብሮት ይጻፍ።