ላችና ፍሊፕ ፍሎፕ

ባለፈው ፈተና ብዙዎቻችን የሬጅስተሩን የጊዜ ሥዕል የሳትነው ላችን ከፍሊፕ ፍሎፕ ሳንለይ ስለ ቀረን ነው። ላች ክሎኩ ከፍ ብሎ እስከ ቆየ ድረስ በሩ ክፍት ነው፤ መግቢያው ሲለወጥ መውጫውም አብሮ ይለወጣል። ሬጅስተር የሚሠራበት ፍሊፕ ፍሎፕ ግን ክሎኩ ከዝቅታ ወደ ከፍታ በሚነሣባት ቅጽበት ብቻ ይቀበላል፤ እስከሚቀጥለው መነሣት ድረስም የያዘውን አይለቅም።

እነሆ ምሳሌ። ክሎኩ በ10ኛውና በ30ኛው ናኖሴኮንድ ይነሣል፤ በ20ኛውና በ40ኛው ይወድቃል። መግቢያው ከ14 እስከ 26 አንድ፣ በቀረው ጊዜ ዜሮ ነው። ሁለቱም መውጫዎች ከዜሮ ይጀምራሉ። ላቹ በ14 አንድ ይሆናል፤ በ20 በሩ ስለሚዘጋ አንዱን ይዞ ይቆያል፤ በ30 ሲከፈት ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፍሊፕ ፍሎፑ ግን በ10ም በ30ም ያገኘው ዜሮ ስለሆነ ከቶ አይለወጥም።

ስለዚህ በክሎኩ መነሻ ሁሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር እናሥምር፤ ከመስመሩ በስተግራ ያለውንም ዋጋ እንውሰድ። የአንዱ ፍሊፕ ፍሎፕ መውጫ ለሌላው መግቢያ በሆነ ጊዜ ሁለተኛው የሚይዘው አሮጌውን ዋጋ ነው፤ አዲሱ የሚደርሰው ከመስመሩ በኋላ ነውና።