የታይሮይድ ኪኒን፣ አይረንና የጠዋት ቡና

በደጋው አገራችን እንቅርት የቆየ በሽታ ነው። እንበልና አንዲት የአሰላ እናት እንቅርቷ በቀዶ ጥገና ወጥቶላት በየቀኑ ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ትውጣለች። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ አይረን ሰጥቷታል። እንዳትረሳ ብላ ሁለቱንም ጠዋት አንድ ላይ ትውጣቸዋለች። ወዲያው ቡና ይፈላል።

አይረኑ አንጀት ውስጥ ሆርሞኑን ይይዘዋል፤ የተያዘውም ወደ ደም ሳይገባ ይወገዳል። ካልሲየምም እንዲሁ ያደርጋል፣ ቡናም ይቀንሰዋል። ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና የሆድ ድርቀቱ ሲመለሱ በእርግዝናው ታሳብባለች። የሚለየው ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። እርግዝና ራሱ የኪኒኑን መጠን ሊያስጨምር ስለሚችል፣ እንዴት እንደምትወስድ ካልተጠየቀች ምክንያቱ ይምታታል።

ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሌቮታይሮክሲኑን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ትዋጥ። ቁርሱና ቡናው እስከ 1 ሰዓት ቢቆዩ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ግን 30 ደቂቃ ይጠበቅ። አይረኑና ካልሲየሙ ከሆርሞኑ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ፤ አይረኑን ከምሳ በኋላ ወይም ማታ ብታደርገው ይመቻል። አይረኑን ማቆም ግን አያስፈልግም። ሰዓቱን ካስተካከለች በኋላ ቲኤስኤቿ በ4 ሳምንት ገደማ ይታይ፤ መጠኑን የሚቀይረውም ሐኪሟ ነው።